አንድ ካባ፣ ሁለት አይአርአር፦ ሥራ አስኪያጁ የቱን ይመኑ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነው የምሠራው። ከከተማ ወጣ ብሎ የድንጋይ ካባ ለመክፈት እያጠናን ነው። መነሻ ወጪው 20 ሚሊዮን ብር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በቅደም ተከተል 20፣ 20.2 እና 13.8 ሚሊዮን የተጣራ ገቢ እንጠብቃለን። በአራተኛው ዓመት ጉድጓዱን ሞልተን፣ መንገዱን ጠግነን፣ መሬቱን አስተካክለን ለማስረከብ 36.96 ሚሊዮን እናወጣለን። በኤክሴል ስሠራው አይአርአሩን፣ ማለትም የፕሮጀክቱን ውስጣዊ የተመላሽ መቶኛ፣ 10 በመቶ አወጣልኝ። ባልደረባዬ እዚያው ፋይል ላይ 40 በመቶ አወጣች። የምንበደረው በ18 በመቶ ነው። በእኔ ከሄድን ፕሮጀክቱ ይቀራል፣ በእሷ ከሄድን ይከፈታል። ሥራ አስኪያጁ የቱን ይመኑ?

መልስ፦ ሁለታችሁም በትክክል አስልታችኋል። 10 በመቶም 40 በመቶም የዚህ ፕሮጀክት አይአርአር ናቸው። ኤክሴሉም ደህና ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን በሁለቱም ላይ ተመሥርተው መወሰን የለባቸውም። ምክንያቱን በራሳችሁ ቁጥር እየሄድኩ ላሳይዎት።

ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው። ኤክሴል አይአርአርን የሚያገኘው ከአንድ ግምት ተነስቶ፣ እያረመ እየተጠጋ ነው። ግምት ካልሰጡት ከ10 በመቶ ይነሳል። ባልደረባዎ ከፍ ያለ መነሻ ሰጥታው ይሆናል። ቁጥሮቹን፣ ወጪዎቹን በመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ፣ ከB2 እስከ F2 ብታስገቡ እነዚህን ሞክሩ፦

```
=IRR(B2:F2)
=IRR(B2:F2, 0.5)
=NPV(0.18, C2:F2)+B2
```

የመጀመሪያው 10 በመቶ፣ ሁለተኛው 40 በመቶ ይሰጣል። ሦስተኛው በ18 በመቶ የተሠራ ኤንፒቪ ነው፤ የየዓመቱ ገቢና ወጪ ዲስካውንት ተደርጎ፣ ማለትም በ18 በመቶ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ፣ ሲደመር የሚገኘው ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የኤክሴል NPV የመጀመሪያውን ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ስለሚቆጥር፣ የዛሬው 20 ሚሊዮን ከቅንፉ ውጭ መደመር አለበት። ብዙ ሰው አምስቱንም ቅንፍ ውስጥ ይከታል። ያኔ ውጤቱ በአንድ ዓመት ዲስካውንት ተቀንሶ ይወጣል።

አሁን ለምን ሁለት መልስ ኖረ? አይአርአር ማለት ኤንፒቪን ዜሮ የሚያደርግ ዲስካውንት ሬት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ገንዘብ መጀመሪያ ወጥቶ ከዚያ በኋላ እየገባ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ሬቱ በጨመረ ቁጥር ኤንፒቪው ይወርዳል። ስለዚህ ዜሮን የሚያቋርጠው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ የቡና መፈልፈያ ማሽን ገዝቶ ለዓመታት ሲሠራበት የሚታየው ይህ ነው። በእናንተ ካባ ላይ ግን ምልክቱ ሁለት ጊዜ ይቀየራል። መጀመሪያ ወጪ፣ ከዚያ ገቢ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ትልቅ ወጪ። ሁለት ጊዜ ከተቀየረ እስከ ሁለት መልስ ሊኖር ይችላል። የሒሳብ ሰዎች የዴካርት ደንብ የሚሉት ነው።

ኤንፒቪውን በተለያየ ሬት ብታሠሩት እንዲህ ይወጣል፣ በሚሊዮን ብር፦

በ0 በመቶ፦ −2.96
በ5 በመቶ፦ −1.12
በ10 በመቶ፦ 0
በ18 በመቶ፦ +0.79
በ25 በመቶ፦ +0.85
በ40 በመቶ፦ 0
በ50 በመቶ፦ −0.90

የመጀመሪያዋን መስመር ልብ ይበሉ። ምንም ዲስካውንት ሳይደረግ ዝም ብሎ ሲደመር ፕሮጀክቱ 2.96 ሚሊዮን ብር ይከስራል። 54 ሚሊዮን ገብቶ 56.96 ሚሊዮን ይወጣል። ሬቱ ሲጨምር ግን መሻሻል ይጀምራል፣ ወደ 22 በመቶ አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ገንዘብ ውድ በሆነ ቁጥር የሚሻሻል ኢንቨስትመንት ሲያዩ፣ እዚያ ውስጥ ብድር የሚመስል ነገር እንደተደበቀ ይጠርጥሩ።

የተደበቀውን ለማየት የፕሮጀክቱን ሒሳብ እንደ ባንክ ደብተር ከዓመት ወደ ዓመት መከተል ነው። በ40 በመቶ እንጀምር። ዛሬ 20 ሚሊዮን አወጣችሁ። በዓመቱ መጨረሻ ፕሮጀክቱ ከነተመላሹ 28 ሚሊዮን ይፈለግበታል። 20 ሚሊዮን ገባ፤ 8 ቀረ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 8ቱ 11.2 ይሆናል። 20.2 ሲገባ ዕዳው ያልቅና 9 ሚሊዮን በእጃችሁ ይተርፋል።

እዚህች ጋ ቆም ይበሉ። ከዚህ በኋላ ፕሮጀክቱ ዕዳ የለበትም፣ እንዲያውም እናንተ ናችሁ የእሱን ገንዘብ የያዛችሁት። ያ ገንዘብ ደግሞ የእናንተ ትርፍ አይደለም፣ ለመዝጊያው የሚጠበቅ ነው። አይአርአሩ ሒሳቡን የሚቀጥለው ይህ 9 ሚሊዮን እንደገና በ40 በመቶ ያድጋል ብሎ ነው። 12.6 ይሆናል፤ 13.8 ሲጨመርበት 26.4 ይሞላል። 26.4ቱም በ40 በመቶ አድጎ 36.96 ይሆናል። ልክ ለመዝጊያው የሚበቃ፣ ሳንቲም የማይተርፍ።

እና ጥያቄው ግልጽ ነው። ጅማ ላይ 26.4 ሚሊዮን ብር ለአንድ ዓመት አስቀምጣችሁ፣ ያለ ሥጋት 40 በመቶ የምታገኙበት ቦታ አላችሁ? ካላችሁ ካባም አያስፈልጋችሁም። ከሌላችሁ 40 በመቶው በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቁጥር ነው።

በ10 በመቶም ያው ነው። 20ው 22 ይሆናል፣ 20 ሲገባ 2 ይቀራል። 2ቱ 2.2 ይሆንና 20.2 ሲገባ 18 ሚሊዮን በእጅ ይቀራል። 18ቱ 19.8 ሆኖ ከ13.8 ጋር 33.6 ይሆናል። እሱም በ10 በመቶ አድጎ 36.96 ይደርሳል። እዚህ ደግሞ ያወጣችሁት ገንዘብ 10 በመቶ ብቻ አመጣ፣ የያዛችሁትም 10 በመቶ ብቻ አደገ ተብሎ ነው የታሰበው። አንድ ቁጥር ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን እንዲወክል ተገድዷል። አንዱ ካባው ለገንዘባችሁ የሚከፍለው ነው። ሌላው የካባውን ገንዘብ ይዛችሁ ስትቆዩ ከሌላ ቦታ የምታገኙት ነው። ሁለተኛው የካባው ጠባይ አይደለም፣ የድርጅታችሁ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጄምስ ሎሪና ሊዮናርድ ሳቬጅ የሚባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1955 በነዳጅ ጉድጓድ ፓምፕ ምሳሌ ችግሩን አንስተውታል። ትልቅ ፓምፕ ሲተከል ነዳጁ ቶሎ ይወጣል፣ በኋላ ሊወጣ የነበረው ግን ይጎድላል። ወጪ፣ ገቢ፣ እንደገና ጉድለት። የእናንተ ካባም ቅርጹ ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ኤንፒቪ እንምጣ። ኤንፒቪ ሬቱን ከፕሮጀክቱ ውስጥ አይፈልግም፤ ከውጭ እርስዎ ይሰጡታል። ስለዚህ መልሱ አንድ ነው። በ18 በመቶ ሲሠራ ገቢዎቹ ዛሬ 39.86 ሚሊዮን ያወጣሉ፣ መዝጊያው 19.06 ሚሊዮን ይሆናል፣ 20ው ሲቀነስ 792 ሺህ ብር ይተርፋል። የመማሪያ መጽሐፉ እዚህ ላይ «ኤንፒቪ ከዜሮ በላይ ነው፣ ይከፈት» ብሎ ያቆማል። አይአርአርና ኤንፒቪ ሲጋጩ ኤንፒቪን ይዞ መሄድ ትክክል ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ላይ ኤንፒቪም በጭፍን የሚታመን አይደለም። ይህን ሳይነግሩ ማለፍ ሥራ አስኪያጁን ማሳሳት ነው።

ደብተሩን በ18 በመቶ ይክፈቱት። 20ው 23.6 ይሆናል፣ 20 ሲገባ 3.6 ይቀራል። እሱ 4.248 ሆኖ 20.2 ሲገባ 15.952 ሚሊዮን በእጅ ይገባል። ኤንፒቪ ከዚህ በኋላ ያለውንም ገንዘብ በ18 በመቶ ያሳድገዋል። 18.82፣ ሲደመር 13.8፣ 32.62 ሚሊዮን። እሱም በ18 በመቶ አድጎ 38.5 ይሆናል። መዝጊያው ተከፍሎ 1.54 ሚሊዮን ይተርፋል። ያ 1.54 ወደ ዛሬ ሲመለስ ነው 792 ሺህ የሚሆነው።

ስለዚህ ጥያቄው ተመልሶ መጣ፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የተቀየረው። በእጃችሁ የሚቆየው ገንዘብ በእውነት 18 በመቶ ያመጣል ወይ?

ገንዘቡ በቁጠባ ሒሳብ በ7 በመቶ ይቀመጣል እንበል። እስከ ሁለተኛው ዓመት ያለው አይለወጥም፤ ዕዳ ነበረ፣ በ18 በመቶ ነው የሚታሰበው። 15.952 ሚሊዮኑ ግን በ7 በመቶ 17.07 ይሆናል። 13.8 ተጨምሮ 30.87። እሱ በዓመቱ 33.03 ይሆናል። መዝጊያው 36.96 ነው። 3.93 ሚሊዮን ብር ይጎድላል! ኤንፒቪው ከዜሮ በላይ የነበረው ያው ፕሮጀክት፣ በአራተኛው ዓመት ከድርጅቱ ኪስ ወደ 4 ሚሊዮን ይጠይቃል።

መካከል ላይ የሚታረቅበት ቦታ አለ። በእጅ የሚቆየው ገንዘብ 15 በመቶ ገደማ ካመጣ ሒሳቡ እኩል ይወጣል። ከዚያ በላይ ከሆነ ካባው ያዋጣል፣ በታች ከሆነ አያዋጣም። እኔ ብሆን ሥራ አስኪያጁ ፊት የማቀርበው ቁጥር ይህ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሰውየው «10 ነው ወይስ 40» ለሚለው መልስ የላቸውም። «ገንዘቡን ሁለት ዓመት ይዘን 15 በመቶ ማግኘት እንችላለን?» ለሚለው ግን አላቸው። ድርጅቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

መልሱ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። በ18 በመቶ የወሰዳችሁት ሌላ ብድር ካላችሁና ገቢውን እሱን ለመቀነስ ካዋላችሁት፣ ገንዘባችሁ በተግባር 18 በመቶ አመጣ ማለት ነው፤ ያን ያህል ወለድ ቀርቶላችኋል። ያኔ 792 ሺሁ እውነት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። በአራተኛው ዓመት 37 ሚሊዮን ብር መልሳችሁ መበደር አለባችሁ። ባንኩ ያኔ ይሰጣል ወይ? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ገደቡን ከፍ ያደረገው ኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ጥሩ ደንበኛ ሆኖም ብድር አጥቶ የተመለሰ ድርጅት ብዙ ነው። ስለዚህ «ዕዳ እንከፍልበታለን» የሚለው መንገድ ጥሩ የሚሆነው፣ መዝጊያው ሲደርስ ገንዘብ የሚመጣበት ሌላ ምንጭ በስም ሲታወቅ ነው።

ገንዘቡ ሌላ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ፣ ለምሳሌ ሌላ ሲኖትራክ ተገዝቶበት ከሆነ፣ መዝጊያው ሲደርስ ያ ንብረት ተሸጦ ብር ይሆናል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ትርፉ 25 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ በሚፈለግበት ቀን ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ ካባው ሳይሞላ ይቀራል።

አሁን እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ 36.96 የምትለዋ ቁጥር ናት። ኤንፒቪው 792 ሺህ ነው ብለናል። መዝጊያው ከተገመተው በ4.2 በመቶ ገደማ ቢጨምር ያ ሁሉ ይጠፋል። 4.2 በመቶ ማለት 1.54 ሚሊዮን ብር ነው። ለም አፈሩን ከታሰበው ትንሽ ራቅ ካለ ቦታ ማመላለስ፣ የኤክስካቫተር ኪራይ ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት፣ የናፍታ ዋጋ አንድ ጊዜ መጨመር፣ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል። የገቢውን ግምት አሥር ጊዜ ያጠሩ ሰዎች የመዝጊያውን ወጪ በአንድ መስመር ጽፈው ሲያልፉ አያለሁ። ፕሮጀክቱን የሚወስነው ግን ያቺ መስመር ናት።

ከዚያም የባሰ አለ። 36.96 የተሰላው በማን ዋጋ ነው? በዛሬ የማሽን ኪራይና በዛሬ ናፍታ ከሆነ፣ የዛሬ አራት ዓመት ያ ዋጋ አይኖርም። ዋጋ በዓመት 10 በመቶ ብቻ ይጨምራል ብንል እንኳ መዝጊያው 54.1 ሚሊዮን ይደርሳል፣ ኤንፒቪውም በ18 በመቶ ከ8 ሚሊዮን በላይ ኪሳራ ይሆናል። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ የማሽን መለዋወጫን በድሮ ዋጋ የሚገምት ሰው የለም። የ18 በመቶው ወለድ የዋጋ ንረትን በውስጡ ይዟል። ስለዚህ ገቢውም መዝጊያውም ያኔ በሚኖረው ዋጋ መጻፍ አለባቸው። አንዱን በዛሬ ዋጋ፣ ሌላውን በነገ ዋጋ ማድረግ በተግባር ከማየው ስህተት ሁሉ የሚበዛው ነው።

በሌላ በኩል መዝጊያው ትንሽ ከፍ ብሎ 40 ሚሊዮን ቢሆን ደግሞ አይአርአር ምን እንደሚል ይሞክሩት። ኤክሴል `#NUM!` ይላል። ሁለት መልስ የነበረው አሁን አንድም የለውም። በየትኛውም ሬት ኤንፒቪው ከዜሮ በታች ነው፣ ስለዚህ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ የለም። ብዙ ሰው ይህን የፎርሙላ ስህተት መስሎት ግምቱን እየለዋወጠ ሲታገል ይውላል። እዚህ ላይ ኤክሴል የሚነግርዎት ፕሮጀክቱ በምንም ዓይነት የማያዋጣ መሆኑን ነው። ግን `#NUM!` ሁልጊዜ ይህን አያመለክትም። መነሻ ግምቱ ሩቅ ሲሆንም ይመጣል፣ በሁሉም ሬት ትርፋማ በሆነ ፕሮጀክት ላይም ይመጣል። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎት፣ ከላይ እንዳደረግነው ኤንፒቪውን በስድስት ሰባት ሬት አሠርቶ መደርደር ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ይህኛው የድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሰው ጉዳይ ነው። መዝጊያውን በአንድ ዓመት ብታዘገዩት ኤንፒቪው ምን ይሆናል? ወጪው ባለበት 36.96 ሆኖ ወደ አምስተኛው ዓመት ቢገፋ፣ ኤንፒቪው ከ0.79 ወደ 3.70 ሚሊዮን ይዘላል። ማንም ምንም ሳይሠራ ወደ 3 ሚሊዮን ብር «ትርፍ» ተገኘ። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ክረምት ላይ አፈር አይመለስም፣ «ከመስከረም በኋላ» ማለት ቀላል ነው። በወረቀት ላይ እያንዳንዱ ማዘግየት ጥሩ ይመስላል። ጉድጓዱ ግን ውሃ ይይዛል፣ ዳሩ ይናዳል፣ ልጆችና ከብቶች የሚውሉበት ቦታ ነው። ሥራውም እየከበደ ይሄዳል። የዘገየው ወጪ በዚያች ዓመት 18 በመቶ ከጨመረ ከማዘግየቱ የሚገኝ ጥቅም አንድም የለም፤ ከዚያ በላይ ከጨመረ ኪሳራ ነው። መዝጊያውን በሪፖርታችሁ ላይ በውሉ ቀን ተክሉት። ቀኑን በመግፋት የተሻሻለ ኤንፒቪ ለሥራ አስኪያጁ እንዳይቀርብ አደራ እላለሁ።

ምልክት በተቀየረ ቁጥር ግን መደናገጥ አያስፈልግም። ፈጣን መለያ አለ። ፍሰቱ እንደ እናንተ ወጪ፣ ገቢ፣ መጨረሻ ላይ ወጪ ከሆነ፣ መጀመሪያ ዝም ብለው ይደምሩት። ድምሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ ከዜሮ በላይ የሆነ አይአርአር አንድ ብቻ ነው ያለው። ሁለት መልስ የሚመጣው ድምሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ነው፣ እናንተ ላይ እንደሆነው። መዝጊያችሁ 36.96 ሳይሆን 10 ሚሊዮን ቢሆን ኖሮ ይህ ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም ነበር።

ምልክቱ ከሁለት ጊዜ በላይ ለሚቀየርበት ደግሞ ኖርስትሮም የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው መለኪያ አለ። ፍሰቱን ከዓመት ዓመት እየደመሩ ይሂዱ። ተደማሪው ድምር ከታች ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ከተሻገረና መጨረሻው ላይም ከዜሮ በላይ ሆኖ ከቀረ፣ ከዜሮ በላይ የሆነው አይአርአር አንድ ነው። በዙሪያችን ጥሩ ምሳሌ አለ። ጎማ ወይም ማና ወረዳ ላይ ያረጀ ቡናውን የሚጎነድል ገበሬ ለተወሰኑ ዓመታት ምርት አያገኝም፤ ከዚያ ቡናው ይሰጣል፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ጉንደላ አለ። በሺህ ብር −4፣ −1፣ +3፣ +5፣ +5፣ −3፣ +4፣ +5 ቢሆን ምልክቱ ሦስት ጊዜ ይቀየራል፣ ያስፈራል። ሲደመር ግን −4፣ −5፣ −2፣ 3፣ 8፣ 5፣ 9፣ 14 ነው፤ የተሻገረው አንዴ ብቻ ነው። በዚህ ላይ አይአርአር ያለ ችግር ይሠራል። የእናንተ ካባ በዚሁ ሲለካ −20፣ 0፣ 20.2፣ 34፣ −2.96 ነው። ወጣ፣ ተመልሶም ወረደ። ማስጠንቀቂያው ይኸው ነው።

ቦርዱ ወይም ባንኩ «በመቶኛ ካልሆነ አንቀበልም» ካለ የተሻሻለውን አይአርአር ይስጧቸው፤ ኤክሴል ላይ `MIRR` ነው። ሁለት ሬት ይጠይቃል፣ አንዱ ለምታወጡት፣ ሌላው በእጅ ለሚቆየው። `=MIRR(B2:F2, 0.18, 0.07)` ብትሉ 12.4 በመቶ ይወጣል፣ ከ18 በታች ነው። ሁለቱንም 18 ብታደርጉ 18.6 ይወጣል፣ ለጥቂት ያልፋል። ሁልጊዜ አንድ መልስ ብቻ መስጠቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን መዝጊያውንም በ18 በመቶ ወደ ዛሬ አሳንሶ፣ ዛሬ እንደወጣ ገንዘብ ነው የሚቆጥረው። ከደብተሩ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር የማይሰጠው ለዚህ ነው። እኔ ደብተሩን እመርጣለሁ፣ እያንዳንዱ ዓመት ላይ ማን የማንን ገንዘብ እንደያዘ ስለሚያሳይ።

የእኔ ፍርድ፦ አሁን ባለው ቁጥር፣ ገንዘቡ በቁጠባ የሚቀመጥ ከሆነ ይቅር። በ18 በመቶ ያለን ዕዳ የሚከፍል ከሆነና የመዝጊያው ገንዘብ ምንጭ ከታወቀ ሊከፈት ይችላል፣ ግን 792 ሺህ ብር ለ37 ሚሊዮን ግዴታ በጣም ቀጭን ትራስ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የመዝጊያውን ወጪ በመስመር በመስመር ዘርዝሩት፦ ስንት ሜትር ኪዩብ አፈር፣ ከየት፣ ስንት ቀን ሎደር፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ እያንዳንዱም በአራተኛው ዓመት በሚጠበቀው ዋጋ። ከዚያ ካባውን ስትቆፍሩ የላይኛውን ለም አፈር ለብቻው ከምራችሁ ብታቆዩና ያለቀውን ጎን በየዓመቱ እየሞላችሁ ብትሄዱ መዝጊያው ስንት እንደሚሆን መሐንዲሳችሁን ጠይቁ። እሱ ከተሳካ የሦስቱ ዓመታት ገቢ ትንሽ ይቀንሳል፣ የመጨረሻው ወጪ ግን ብዙ ይወርዳል። አዲሱን ፍሰት ደምራችሁ ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ እርስዎም ባልደረባዎም የምታገኙት ከዜሮ በላይ የሆነ አይአርአር አንድ ብቻ ይሆናል።